ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ፦ በኃይልና በእንቅስቃሴ ትምህርት ላይ የተማሪን የተሳሳተ ግንዛቤ ቀድሞ መጠበቅና በመሃል መፈተሽ

ፊዚክስ ዘጠነኛ

የተከበራችሁ መምህራን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የኒውተንን የእንቅስቃሴ ሕጎች ማስተማር ስለምጀምር ከወዲሁ ልምዳችሁን ለመጠየቅ ነው የጻፍኩት። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ከ60 የማያንሱ ተማሪዎች አሉኝ። በዚህ ምዕራፍ ላይ «ገብቷችኋል?» ብዬ በጠየቅኩ ቁጥር ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ» ይለኛል፤ F = ma የሚለውን ቀመር ተጠቅመው ቁጥር ማስላቱንም አብዛኞቹ ይችሉበታል። ይሁን እንጂ «በሜዳ ላይ የምትንከባለል ኳስ ለምን ትቆማለች?» ብዬ በቃል ስጠይቃቸው «የተሰጣት ኃይል ስላለቀ» የሚል መልስ ከጎበዞቹም ጭምር ይመጣል።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ብቻ መርጬ ትምህርቱን በእሱ ዙሪያ ማዋቀር እፈልጋለሁ። የመረጥኩትም «የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ወደሚሄድበት አቅጣጫ የሚገፋው ኃይል ሊኖር ይገባል» የሚለውን ነው። በትምህርቱ መሃል ቆም ብዬ ልጠይቃቸው ያሰብኩት ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ «ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ከእጅ ከወጣች በኋላ የሚያርፍባት ኃይል አለ ወይስ የለም?» ይህ ጥያቄ ለመፈተሻነት ይበቃል? ካልበቃስ ምን ይጎድለዋል?

የጠመኔ አቧራ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ መምህርት። ምርጫዎ ትክክል ነው። በእኔ አመለካከት በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ሌሎቹን ስሕተቶች ሁሉ የሚወልደው ይኸው ግንዛቤ ስለሆነ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢወስድ የሚቆጭ አይደለም። ጥያቄው ግን እንደ ተጻፈው አይፈትሽም፤ ምክንያቱም «አለ» የሚለው መልስ ትክክል ሆኖ ሳለ ፍጹም በተሳሳተ ምክንያት ሊሰጥ ይችላል። ስበትን አስቦ «አለ» የሚል ተማሪ ይኖራል፤ የእጅ ግፊት ከኳሷ ጋር አብሮ እንደሚበር አስቦ «አለ» የሚልም ይኖራል። ሁለቱ እኩል እጃቸውን ያወጣሉ፤ እርስዎም ሁለቱን መለየት አይችሉም። ጥሩ የመፈተሻ ጥያቄ እያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ ከአንድ የታወቀ አስተሳሰብ ብቻ የሚመነጭበት ነው፤ እንዲህ ሲሆን የድምፅ ቆጠራው ራሱ ቀጥሎ ምን ማስተማር እንዳለብዎ ይነግርዎታል።

እኔ የምጠቀምበት ይህን ነው፦

አንዲት ትንሽ ጠንካራ ኳስ በቀጥታ ወደ ላይ ተወርውራለች። ከእጅ ወጥታ ገና ወደ ላይ እየሄደች ነው። የአየሩን ሰበቃ ከቁጥር አናስገባውም። በዚህች ቅጽበት ኳሷ ላይ የሚያርፈው ምንድን ነው?

ሀ) ወደ ላይ የሚገፋ የእጅ ኃይልና ወደ ታች የሚስብ የመሬት ስበት፤ የእጁ ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል።
ለ) የመሬት ስበት ብቻ፤ መጠኑም አይለወጥም።
ሐ) የመሬት ስበት ብቻ፤ ኳሷ ከፍ ባለች ቁጥር ግን ስበቱ እየጨመረ ይሄዳል።
መ) ምንም ኃይል የለም፤ ስበት የሚጀምረው ኳሷ መውረድ ስትጀምር ነው።

ሀ የሚለው ተማሪ እርስዎ የመረጡትን ግንዛቤ የያዘ ነው። ሐ የሚለው የእጁን ኃይል በትክክል አስወግዷል፤ ነገር ግን ኳሷ እየዘገየች ስትሄድ ስላየ «የሚያዘገያት ነገር እየበረታ መሆን አለበት» ብሎ አስቧል፤ ማለትም ኃይልን ከፍጥነት ለውጥ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከፍጥነት ጋር አያይዞታል። መ የሚለው ደግሞ ስበትን የመውደቅ ስም አድርጎ የያዘ ልጅ ነው። ሦስቱ በአንድ ዓይነት ማብራሪያ አይድኑም።

ጥያቄውን ጮክ ብለው አይጠይቁ፤ ሰሌዳ ላይ ይጻፉትና ሁለት ደቂቃ ዝም ብለው በደብተራቸው ላይ መልሱንና አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት እንዲጽፉ ያድርጉ። ከዚያም ለሀ አንድ ጣት፣ ለለ ሁለት ጣት እያሉ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያሳዩዎት። እጅ ወደ ላይ ካወጡ ከኋላ ያለው የፊተኛውን ያያል፤ ደረት ላይ ከሆነ ግን የሚያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። 60 ተማሪ በዓይን መቃኘት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ትክክለኛ ቆጠራ አያስፈልግም፤ የትኛው መልስ እንደሚበዛ ማወቅ ይበቃል።

የዮናስ አባት

እኔ መምህር አይደለሁም፤ የምኖረው ሜሪላንድ ሲሆን የ10ኛ ክፍል ልጅ አለኝ። የመምህርቷን ችግር በደንብ እረዳዋለሁ፤ ልጆቹ ፈተና ላይ የሚወድቁት ልምምድ ስለሚያንሳቸው ነው። እኔ ለዮናስ በየቀኑ ማታ ማታ የF = ma ጥያቄዎችን እያወጣሁ አሠራዋለሁ፤ አሁን መጠነ ቁስና ኃይል ከተሰጠው ሳይሳሳት ያሰላል፤ ውጤቱም ተሻሽሏል። ለክፍሉ በሙሉ ብዙ የስሌት ጥያቄ ቢሰጥ ችግሩ የሚቀረፍ ይመስለኛል።

የጠመኔ አቧራ

ወንድሜ፣ ልጅዎን ማታ ማታ አብረውት ተቀምጠው ማሠራትዎ የሚያስመሰግን ነው። መምህርቷ የጠየቁት ግን ስለ ፈተና ውጤት አይደለም፤ ስሌቱን በትክክል እየሠራ ሳለ የተሳሳተ ሥዕል በአእምሮው ስለ ያዘ ተማሪ ነው። ሁለቱ አብረው መኖር ይችላሉ። ጆን ክሌመንት እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት ወደ ላይ ስለ ተወረወረች ሳንቲም የዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር፤ የመካኒክስ ኮርስ ከወሰዱትም መካከል ብዙዎቹ ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ቀስት ሥለዋል። እነዚህ ተማሪዎች ቀመሩ የጠፋባቸው አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1992 ሄስቴንስና ባልደረቦቹ ያወጡት በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው መመዘኛም ስሌት የሚባል ነገር የሌለበት ሆኖ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

ፈቃድዎ ከሆነ ከላይ የጻፍኩትን ጥያቄ ለዮናስ ያቅርቡለትና መልሱን ከነምክንያቱ ይንገሩን። ቢሳሳት አይቆጡት። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመንም የፓሪሱ ዣን ቡሪዳን የተወረወረ ነገር ከወርዋሪው የተቀበለውን አንድ ነገር ይዞ እንደሚሄድ አስተምረዋል። ልጆቻችን የሚሳሳቱት ለብዙ ዘመን ታላላቅ አእምሮዎች በቆሙበት ቦታ ላይ ነው።

መሐንዲሱ

ውይይቱን በደስታ እየተከታተልኩ ነው። እኔ የሜካኒካል ምሕንድስና ባለሙያ ስሆን ለጎረቤት ልጆች አስጠናለሁ። ተማሪዎቹ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አግባብ አይመስለኝም፤ ኳሷ ከእጅ ይዛ የምትወጣው ነገር በእርግጥ አለ፤ እሱም ሞመንተም ነው። 0.2 ኪሎ ግራም የምትመዝን ኳስ በሰከንድ 10 ሜትር ከእጅ ብትወጣ 2 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ሞመንተም አላት፤ ይህም ወደ ላይ በሄደች ቁጥር እየቀነሰ ጫፍ ላይ ዜሮ ይሆናል። ተማሪዎቹ «እየቀነሰ የሚሄድ ነገር» ሲሉ ይህንኑ ነው የሚያዩት። ስለዚህ እኔ ሳስጠና ኳሷ ላይ ሁለት ቀስት እሥላለሁ፤ ወደ ታች የስበትን፣ ወደ ላይ ደግሞ የሞመንተሙን። ልጆቹም ወዲያው ይረዱታል። ምናልባት መምህርቷም በዚሁ መንገድ ቢሄዱ መልካም ነው።

የጠመኔ አቧራ

መሐንዲሱ ያሉት የመጀመሪያው ግማሽ ትክክልና ለማስተማርም እጅግ ጠቃሚ ነው። ለተማሪው «ያየኸው ነገር እውነት ነው፤ ስሙ ግን ኃይል አይደለም» ማለት «ተሳስተሃል» ከማለት በብዙ ይሻላል። ሥዕሉ ላይ ግን አልስማማም። ሁለቱ ቀስቶች በአንድ ሥዕል ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተማሪው ይደምራቸዋል፤ መደመር ደግሞ አይችሉም፤ አንዱ በኒውተን፣ ሌላው በኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ የሚለካ ነውና። ልጆቹ ወዲያው የተረዱት የሚመስለው ሥዕሉ ቀድሞ በአእምሯቸው ከነበረው ጋር ስለገጠመ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ፦ ጫፍ ላይ ያለችውን ኳስ እንዲሥሉ ይጠይቋቸው፤ ብዙዎቹ ሁለቱን ቀስቶች እኩል አድርገው «ተመጣጠኑ» ብለው ይጽፋሉ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የኃይል ቀስት በነጭ ጠመኔ ኳሷ ላይ ይሣላል፤ የፍጥነት ቀስት ደግሞ በቀለም ጠመኔ ከኳሷ ጎን፣ ሳይነካት ይሣላል። ከዚህ ጋር አንድ የማይጣስ ደንብ አለ፦ ማንም ተማሪ የኃይል ቀስት ሲሥል «ማን በማን ላይ» የሚለውን አጠገቡ መጻፍ አለበት። «መሬት በኳስ ላይ» ይባላል። «እጅ በኳስ ላይ» ብሎ የጻፈውን ደግሞ «እጁ አሁን የት ነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። እጁ ሁለት ሜትር ወደ ታች ቀርቷል፤ ኳሷን አይነካትም። «እንቅስቃሴ በኳስ ላይ» ብሎ የሚጽፍም ያጋጥማል፤ ያን ጊዜ የሚገፋ አካል እንደሌለ ራሱ ያየዋል። ይህ ደንብ በየሥዕሉ ላይ የተተከለ ቋሚ መፈተሻ ነው፤ ደብተር እየዞርኩ ሳይ ከአንድ ሜትር ርቀት የማን ሐሳብ የት እንደ ተሰበረ ይታየኛል።

የእጁን ኃይል በቁጥር ማሳየትም ይረዳል። ያችኑ 0.2 ኪሎ ግራም ኳስ እጅ ግማሽ ሜትር ያህል እየገፋ ወደ ላይ ወስዶ በሰከንድ 10 ሜትር ለቀቃት እንበል። ግፊቱ ሳይለዋወጥ የዘለቀ ከሆነ እጁ የገፋበት ኃይል 22 ኒውተን፣ የገፋበት ጊዜ ደግሞ 0.1 ሰከንድ ይሆናል። 22 ኒውተኑ እውነት ነበር፤ ትልቅም ነበር፤ ግን ጣት ከኳሷ በተለየበት ቅጽበት ዜሮ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የመሬት 2 ኒውተን ብቻ ነው።

ፊዚክስ ዘጠነኛ

እጅግ አመሰግናለሁ። «ማን በማን ላይ» የሚለውን ደንብ በእርግጠኝነት እወስደዋለሁ። የምፈራው ግን አንድ ነገር አለ። ተማሪው «የእጁ ኃይል እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው ኳሷ የምትዘገየው» ብሎ ሲከራከር አነጋገሩ ምክንያታዊ ይመስላል፤ በክፍሉ ፊትም ሌሎችን ያሳምናል። «እጁ አይነካትም» ስለው «ኃይሉ ግን ውስጧ ገብቷል» ይለኛል። እንዲህ ያለውን ክርክር እኔ ሥልጣኔን ተጠቅሜ «አይደለም» ከማለት ውጭ በምን ልመልሰው?

የጠመኔ አቧራ

ጥያቄዎ የነገሩ እምብርት ነው። መልሱ የተማሪውን ሐሳብ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው መከተል ነው። ሰሌዳውን ለሁለት ይክፈሉት፤ በአንዱ ወገን የተማሪውን ሐሳብ በቁጥር ይጻፉ፣ ቁጥሩንም ራሱ ይምረጥ። ለምሳሌ ኳሷ እንደ ወጣች ወደ ላይ የሚገፋው 8 ኒውተን ነው፣ ቆየት ብሎ 5፣ ከዚያ 3፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከስበቱ ጋር እኩል 2 ይሆናል ይላል እንበል። ስበቱ ሁልጊዜ 2 ነው። አሁን ክፍሉ የኃይሎቹን ልዩነት ያውጣ፦ መጀመሪያ ወደ ላይ 6፣ ከዚያ ወደ ላይ 3፣ ከዚያ ወደ ላይ 1፣ ጫፍ ላይ ዜሮ።

እዚህ ላይ ይጠይቋቸው፦ «ወደ ላይ 6 ኒውተን የተረፋት ኳስ ወደ ላይ እየሄደች ትዘገያለች ወይስ ትፈጥናለች?» ትፈጥናለች። «3 ሲተርፋትስ?» አሁንም ትፈጥናለች፤ የምትፈጥንበት ልክ ቀነሰ እንጂ መፍጠኗ አልቆመም። «1 ሲተርፋትስ?» አሁንም ትፈጥናለች። ታዲያ እንደ ተማሪው አባባል ኳሷ በጉዞዋ ሁሉ እጅግ ፈጣን የምትሆነው የት ነው? ጫፍ ላይ! ሁሉም በዓይኑ ያየው ግን ጫፍ ላይ ለቅጽበት እንደምትቆም ነው። ሐሳቡን ያፈረሰው መምህሩ አይደለም፤ ራሱ ሐሳቡ የተናገረው ትንቢት ሳይፈጸም ቀረ። እየቀነሰ የሚሄድ ኃይል እየቀነሰ የሚሄድ ፍጥነትን አያመጣም፤ ፍጥነት የሚቀንሰው የኃይሎቹ ድምር ከእንቅስቃሴው በተቃራኒ ሲሆን ብቻ ነው።

በሌላው ወገን ስበት ብቻውን ሲሆን የሚሆነውን ይጻፉ። የስበቱን ፍጥንጥነት 10 ብለን ብንይዝ በየ0.2 ሰከንዱ የኳሷ ፍጥነት 10፣ 8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 0 ይሆንና ወደ ታች ዞሮ 2፣ 4፣ 6 እያለ ይቀጥላል። በየእርምጃው ለውጡ ያው 2 ነው። ከ0 ጀምሮ ወደ ታች ለመሄድ የተለየ ነገር አልተፈለገም፤ ሲያዘገያት የነበረው ያው ስበት ነው የሚያወርዳት። «ጫፍ ላይ ኃይል የለም» የሚል ካለ ደግሞ ከዜሮው በኋላ ያለውን ቁጥር እሱ ይሙላው። ፍጥነቷም ኃይሏም ዜሮ ከሆነ ቀጣዩ ቁጥር ዜሮ ነው፤ ኳሷም 5 ሜትር ከፍታ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች።

የቤተ ሙከራ ቁልፍ

ለሁላችሁም ክብር እየሰጠሁ አንድ ተቃውሞ ላቅርብ። እኔም የፊዚክስ መምህር ነኝ። የተሳሳተ ሐሳብ በሰሌዳ ላይ በቁጥር ተጽፎ ክፍሉ በሙሉ ደብተሩ ላይ ከገለበጠው በኋላ፣ ከአንድ ወር በኋላ ለፈተና የሚያነበው ልጅ የትኛው ትክክል የትኛው ስሕተት እንደነበር አያስታውስም። በተለይ ያን ቀን የቀረ ልጅ ከጓደኛው ደብተር ሲገለብጥ ስሕተቱን እንደ ትምህርት ይወስደዋል። በደብተር ላይ «8፣ 5፣ 3፣ 2» የሚለው ሠንጠረዥ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ተጽፎ አይቻለሁ። ስለዚህ እኔ ትክክለኛውን ብቻ እሥላለሁ፤ ስሕተቱን በቃል ብቻ አነሣለሁ።

ሁለተኛ፣ ሀ ብለው የሚመልሱት የሚበዙበትን ምክንያትም ማየት ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ልጁ ዕድሜውን ሁሉ ዴስክ ሲገፋ፣ ጋሪ ሲጎትት ኖሯል፤ መግፋት ሲያቆም ዕቃው ይቆማል። ሰበቃ ባለበት ዓለም ለኖረ ሰው «እንቅስቃሴ ኃይል ይፈልጋል» የሚለው የዕለት ተዕለት ልምድ ነው። ስለሆነም ከኳሷ በፊት ዴስኩን ማምጣት ይሻላል። ዴስክ በእኩል ፍጥነት ሲገፋ የገፊው ኃይልና የሰበቃው ኃይል እኩል መሆናቸውን ሳያይ ወደ ኳስ መሄድ መሠረቱን መዝለል ነው።

የጠመኔ አቧራ

ስለ ደብተሩ ያሉት ቁም ነገር ነው፤ እኔም ፈጽሞ አልተፈታልኝም። እኔ በተማሪው ሐሳብ ወገን «ይህ ሐሳብ ኳሷ ጫፍ ላይ እጅግ ፈጣን ናት ይላል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከቁጥሮቹ በላይ በትልቁ አጽፋለሁ፤ ያለ እሱ እንዳይገለበጥ እላለሁ። የቀረ ልጅ ግን ያንንም ዘሎ ሊገለብጥ እንደሚችል አልክድም። በተቃራኒው ስሕተቱ በቃል ብቻ ሲነሣ ተማሪው «ይህ የሌላ ሰው ስሕተት ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ የራሱ መሆኑን የሚያውቀው በገዛ እጁ የጻፈው ሲፈርስ ነው። ሁለታችንም የየራሳችን ምክንያት አለን።

ዴስኩን በተመለከተ በቅደም ተከተሉ ላይ ብቻ እለያለሁ። በዴስኩ ላይ «ገፊውና ሰበቃው እኩል ናቸው» የሚለውን የሰማ ተማሪ በማግሥቱ ለኳሷም ሚዛን ይፈልግላታል፤ ስበትን የሚያመጣጥን ወደ ላይ የሚገፋ ነገር ይፈጥራል። ኳሷ ላይ አንድ ኃይል ብቻ በመኖሩ ምርመራው ንጹሕ ነው። ሰበቃው ቀጥሎ ቢመጣ እመርጣለሁ፤ ሆኖም የእርስዎን ቅደም ተከተል ይዘው በሚገባ የሚያስተምሩ ባልደረቦች አሉኝ።

የዮናስ አባት

ጥያቄውን ለዮናስ አቀረብኩለት። «ሀ» አለኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው «እጄ የሰጠኋት ኃይል እስኪያልቅ ድረስ ትወጣለች፣ ሲያልቅ ትወርዳለች» አለ። ከዚያ 22 ኒውተኑን በF = ma እንዲያወጣ አደረግኩት፤ ያለ ምንም ችግር አወጣው፤ መልሱን ግን አልቀየረም። በእውነት ደንግጫለሁ። የሰሌዳውን ሁለት ወገን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፌ «ጫፍ ላይ ፈጣን ናት ማለት ነው?» ስለው ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ወረቀቱን ሲያይ ቆየና «ታዲያ ምንድን ነው ወደ ላይ የሚወስዳት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የምመልሰው አጣሁ። ምን ልበለው?

መሐንዲሱ

እዚህ ላይ ነው ሞመንተም የሚያስፈልገው! ወደ ላይ የሚወስዳት ምንም ነገር የለም፤ ቀድሞውንም ወደ ላይ እየሄደች ነው። መሄዷን ለመቀጠል ማንም አያስፈልጋትም፤ ማብራሪያ የሚፈልገው መዘግየቷ ነው። የቀስቱን ነገር ግን ተቀብያለሁ፤ ከአሁን በኋላ ከኳሷ ጎን እሥለዋለሁ። ሆኖም ቀስቱ ፍጥነት ከሚባል ሞመንተም ቢባል ለ11ኛ ክፍል መንገድ ይጠርጋል የሚለውን ሐሳቤን አልተውኩም።

የጠመኔ አቧራ

ለዮናስ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ልጁ የጠየቀው ጥያቄ ትልቅ እርምጃ ነው፤ «ምን ያንቀሳቅሳታል?» የሚለው «ምን ይለውጣታል?» ወደሚለው የሚዞረው በዚህች ቦታ ነው። ዛሬ እንዲቀበለው አይጫኑት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኳስ በጥፊ ተመታ በለስላሳ ወለል ላይ ስትንሸራተት እያሳዩ የትኞቹ ኃይሎች እንዳሉ «ማን በማን ላይ» እያለ ይዘርዝርልዎ። «ወለል በኳስ ላይ» እና «መሬት በኳስ ላይ» ብሎ ሲያበቃ ወደ ፊት የሚገፋ ለመጨመር ቢፈልግ ባለቤት ያጣለታል።

ፊዚክስ ዘጠነኛ

ትምህርቱን ትናንት ሰጠሁ፤ የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ። በመጀመሪያው የጣት ድምፅ ከክፍሉ ከግማሽ እጅግ የሚበልጠው ሀ አለ፤ ለ ያሉት ከአምስት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ሐ ያሉት እኔ ከጠበቅኩት በላይ ነበሩ፤ መ ያሉት ጥቂት ናቸው። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር እንዲወያይ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ትክክለኛውን የያዙት በጣም ጥቂት ስለሆኑ ውይይቱ ሀን ከማጠናከር በቀር እንደማይፈይድ ገባኝና ወደ ሰሌዳው ሁለት ወገን አለፍኩ። ቁጥሮቹን የመረጠው ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ነው፤ 9፣ 6፣ 4፣ 2 አለ። «ጫፍ ላይ ፈጣን ናት» የሚለው ላይ ስንደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያም ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። ያኔ ነው ለሦስት ደቂቃ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲወያዩ ያደረግኩት። በሁለተኛው ድምፅ ለ ያሉት ከሦስት ሁለት እጅ በላይ ሆኑ።

ሐ ያሉት ግን ብዙም አልተነቃነቁም። የተማሪው ወገን ሠንጠረዥ እነሱን አይመለከታቸውም፤ የእጅ ኃይል አላሉምና። ክፍለ ጊዜው ስላለቀ አልደረስኩባቸውም።

ደወሉ ከመደወሉ በፊት አንዲት የመጨረሻ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት አጻፍኳቸው፦ «ኳሷ ገና እጅ ላይ ሳለች፣ እጁም ወደ ላይ እየገፋት ሳለ፣ ምን ኃይሎች ያርፉባታል?» ማታ ስለየው ከአራት አንድ ያህሉ «የመሬት ስበት ብቻ» ብለዋል። እነዚህ ልጆች በሁለተኛው ድምፅ ላይ ለ ካሉት መካከል ናቸው። ለ ያሉት ገብቷቸው ነው ወይስ ዛሬ የሚፈለገው መልስ «ስበት ብቻ» እንደሆነ ገምተው?

የቤተ ሙከራ ቁልፍ

መምህርት፣ እንኳን ይህችን የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቁ! ብዙዎቻችን ሁለተኛውን ድምፅ አይተን ደስ ብሎን እንወጣለን። ሐ ያሉትን በተመለከተ እኔ የማደርገውን ልንገርዎ፦ የየ0.2 ሰከንዱን የፍጥነት ዝርዝር ሰጥቻቸው በየእርምጃው ፍጥነቱ ስንት እንደ ቀነሰ ራሳቸው እንዲያወጡ አደርጋለሁ። ስበቱ እየጨመረ ቢሄድ ኖሮ 2፣ 3፣ 4 እያለ መቀነስ ነበረበት፤ እነሱ ግን ሁልጊዜ 2 ያገኛሉ።

የጠመኔ አቧራ

ሐ ላይ በዚሁ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዝርዝሩ ከእኛ የተሰጠ ስለሆነ ተማሪው «መምህሩ የጻፈው ቁጥር ነው» ሊል ይችላል። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለ ኳሷን ከሜትር ምልክት አጠገብ ወርውሮ ምስል በምስል እያቆሙ ከፍታውን ማንበብ ይቻላል፤ ቁጥሩ ግን እንደ ሰሌዳው ንጹሕ አይወጣም፤ ይህንንም አስቀድሞ መንገር ያሻል።

ስለ ቁራጭ ወረቀቱ፣ ግምትዎ ትክክል ይመስለኛል። «ስበት ብቻ» ያሉት ልጆች ሐሳባቸውን ሳይሆን መልሳቸውን ነው የቀየሩት። እነዚህን ወረቀቶች ለብቻ ያስቀምጧቸው፤ ነገ በትምህርቱ መጀመሪያ ላይ ሦስት ሥዕል ጎን ለጎን ይሣሉላቸው፦ ኳሷ በእጅ እየተገፋች፣ ኳሷ በአየር ላይ ወደ ላይ እየሄደች፣ ኳሷ ተመልሳ እጅ ላይ ስትያዝ። ለሦስቱም «ማን በማን ላይ» እንዲጽፉ ያድርጉ። በመጀመሪያውና በሦስተኛው እጅ አለ፤ በመካከለኛው የለም። ሦስተኛው ላይ ብዙዎች እንደሚደናገሩ ይጠብቁ፤ ኳሷ ወደ ታች እየሄደች እጁ ግን ወደ ላይ ይገፋታል፣ ያም ግፊት ከስበቱ ይበልጣል። «ኃይል ወደሚሄዱበት ነው» የሚለው ግንዛቤ ያልለቀቀው ልጅ እዚያ ላይ የእጁን ቀስት ወደ ታች ይሥለዋል፤ ወይም ከስበቱ አሳንሶ ይሥለዋል። የሁለቱን ቀስቶች ርዝመት እንዲያነጻጽሩ ይጠይቁ እንጂ አቅጣጫውን ብቻ አይመልከቱ።

ፊዚክስ ዘጠነኛ

ሦስቱን ሥዕል ነገ አደርጋለሁ። የርዝመቱን ነገር ግን እንዴት እንደማርመው እያሰብኩ ነው፤ 60 ደብተር ላይ የሁለት ቀስት ርዝመት ማየት በክፍለ ጊዜው ውስጥ አይቻልም። ምናልባት ከቀስቱ ይልቅ «ይበልጣል፣ ያንሳል፣ እኩል ነው» ከሚሉት አንዱን በጣት ያሳዩኝ ይሆን? ሰሞኑን የሞከረው ሰው ካለ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።